ከትኦፍ ላይ ጌይኑ ለምን ግማሽ አይሆንም? የአርሲ ሎው ፓስ ፊልተር ነገር

አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ካፓሲተር፣ በቃ። ፈርስት ኦርደር ፓሲቭ ሎው ፓስ ፊልተር የሚባለው ይሄው ነው። ሲግናሉ በሬዚስተሩ በኩል ይገባል፣ ከሬዚስተሩ ማዶ ካፓሲተሩ ወደ ግራውንድ ይወርዳል፣ አውትፑቱን የምንወስደው ከሁለቱ መገናኛ ነው፣ ማለትም ካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ነው የምናነበው። ፓሲቭ የተባለው የራሱ ፓወር ሰፕላይ ስለሌለው ነው፣ ስለዚህ የገባለትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርበትም፣ ጌይኑ ቢበዛ ቢበዛ 1 ነው። ፈርስት ኦርደር የተባለው ደግሞ ኃይል የሚያጠራቅም ነገር ውስጡ አንድ ብቻ ስላለ ነው፣ እሱም ካፓሲተሩ።

ለምን ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ከፍተኛውን እንደሚያስቀር ለማየት ካፓሲተሩን ብቻ ማሰብ ይበቃል። ካፓሲተር ቮልቴጁ እንዲቀየር ቻርጅ መግባት ወይ መውጣት አለበት፣ ያ ቻርጅ ደግሞ የሚመጣው በሬዚስተሩ በኩል ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል። ኢንፑቱ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ካፓሲተሩ ለመሙላትም ለመጉደልም ጊዜ አለው፣ ተከትሎት ይሄዳል። ኢንፑቱ ፈጣን ሲሆን ግን ካፓሲተሩ ገና መሙላት ሲጀምር ኢንፑቱ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ሊጎድል ሲል እንደገና ይገለበጣል፣ ስለዚህ አውትፑቱ ትንሽ ብቻ ከፍ ዝቅ እያለ ይቀራል።

አሁን ቁጥር እናስገባበት። ሬዚስተሩ 1 ኪሎ ኦም ይሁን፣ ካፓሲተሩ 100 ናኖ ፋራድ፣ ያቺ 104 የሚል የተጻፈባት ትንሿ ሴራሚክ። ከትኦፍ ፍሪኩዌንሲው

```
fc = 1 / (2πRC) = 1 / (2π × 1000 × 0.0000001) ≈ 1592 Hz
```

እስከዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም። ችግሩ የሚመጣው ይሄ 1592 ኸርዝ ምንድነው ሲባል ነው። ፎርሙላው ከየት መጣ ብትሉ፣ የካፓሲተሩ ሪአክታንስ (ለኤሲ የሚሰጠው ተቃውሞ በሉት፣ በኦም ነው የሚለካው) Xc = 1/(2πfC) ነው፣ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ይቀንሳል። በ100 ኸርዝ ካፓሲተራችን 15,900 ኦም አካባቢ ነው፣ ከሬዚስተሩ በጣም ስለሚበልጥ ቮልቴጁ ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ላይ ይቀራል። በ15,900 ኸርዝ ደግሞ 100 ኦም ብቻ ነው፣ ቮልቴጁ ሬዚስተሩ ላይ ያልቃል። በመሃል ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት አንድ ፍሪኩዌንሲ አለ፣ Xc = R ብላችሁ ስትፈቱት የሚወጣው የከትኦፍ ፎርሙላ ራሱ ነው። 1592 ኸርዝ ላይ ሬዚስተሩም 1000 ኦም ካፓሲተሩም 1000 ኦም።

እና እዚህ ጋ ነው ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው። ሁለት እኩል 1000 ኦም በተከታታይ ካለ፣ ቮልቴጅ ዲቫይደር ማለት ነው፣ ታዲያ አውትፑቱ የኢንፑቱ ግማሽ መሆን አልነበረበትም እንዴ? መጽሐፉ ግን 0.707 ይላል፣ ኦሲሎስኮፑም 0.707 ይላል። ብዙ አስተማሪ «ቬክተር ስለሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ መልሱ ትክክል ነው ግን ምንም አያስረዳም።

ኦሲሎስኮፕ ካላችሁ ነገሩን በዓይን ማየት ይቻላል። ፈንክሽን ጄኔሬተሩን ሳይን ዌቭ፣ 1592 ኸርዝ፣ ፒኩ 1 ቮልት አድርጉት። ቻናል አንድን ኢንፑቱ ላይ፣ ቻናል ሁለትን አውትፑቱ ላይ ሰኩ። ካፓሲተሩ ላይ 0.707 ቮልት ፒክ ታያላችሁ። አሁን ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ለማየት የፕሮቡን ግራውንድ ክሊፕ አንስታችሁ መሃል ላይ እንዳትሰኩት፣ የኦሲሎስኮፑ ግራውንድና የጄኔሬተሩ ግራውንድ አብዛኛውን ጊዜ በሶኬቱ በኩል አንድ ስለሆነ ካፓሲተሩን ሾርት ነው የምታደርጉት። ይልቅ ማዝ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ቻናል አንድ ሲቀነስ ቻናል ሁለት በሉት። እሱም 0.707 ነው። እና 0.707 ሲደመር 0.707 ማለት 1.414 ነው፣ የገባው ግን 1 ቮልት ነው! ኪርቾፍ ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም። ኪርቾፍ የሚለው በእያንዳንዷ ቅጽበት የሁለቱ ድምር ከኢንፑቱ እኩል ነው ነው እንጂ የሁለቱ ፒክ ድምር አላለም፣ ሁለቱ ፒካቸው ላይ የሚደርሱት ደግሞ በተለያየ ሰዓት ነው። ካፓሲተር ውስጥ ከረንት በብዛት የሚፈሰው ቮልቴጁ በፍጥነት ሲቀየር ነው፣ ሳይን ዌቭ በጣም የሚፈጥነው ደግሞ ዜሮን ሲያቋርጥ ነው፣ ፒኩ ላይማ ለቅጽበት ቆም ይላል። ስለዚህ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ዜሮ ሲሆን ከረንቱ ፒክ ላይ ነው፣ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ ፒክ ሲሆን ከረንቱ ዜሮ ነው። የሬዚስተሩ ቮልቴጅ ከረንቱን ነው የሚከተለው፣ እንግዲህ አንዱ ሙሉ ሲሆን ሌላው ባዶ ነው፣ በፌዝ ስናወራ 90 ዲግሪ ይራራቃሉ።

90 ዲግሪ የሚራራቁ ነገሮች ቀጥታ አይደመሩም። ወደ ምስራቅ 1000 ሜትር ሄዳችሁ ከዛ ወደ ሰሜን 1000 ሜትር ብትሄዱ ከተነሳችሁበት ያላችሁ ርቀት 2000 አይደለም፣ 1414 ሜትር ነው። የኛም ሰርኪዩት ጠቅላላ ኢምፒዳንሱ 2000 ኦም ሳይሆን 1414 ኦም ነው፣ የካፓሲተሩ ድርሻም 1000 ለ1414፣ ማለትም 0.707።

ግማሹ ግን የትም አልጠፋም፣ እኔ በግሌ ከነገሩ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። አውትፑቱ ከኢንፑቱ 45 ዲግሪ ወደኋላ ይቀራል፣ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ማለት ነው፣ በ1592 ኸርዝ ይሄ 79 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ነው። ስክሪኑን ፍሪዝ አድርጋችሁ ከርሰሩን ኢንፑቱ በትክክል 1 ቮልት የደረሰበት ቦታ ላይ አቁሙትና አውትፑቱን አንብቡ። 0.5 ቮልት ነው። ሬዚስተሩ ላይም 0.5። ያ የጠበቃችሁት ግማሽ እዛ አለ፣ ግን አውትፑቱ እዛ ላይ አላበቃም፣ ኢንፑቱ መውረድ ከጀመረ በኋላም ካፓሲተሩ መሙላቱን ይቀጥልና ከ79 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ 0.707 ላይ ይደርሳል። ጌይን ስንል የምናወዳድረው ፒክን ከፒክ ጋር ስለሆነ መልሱ 0.707 ሆነ።

በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ ላይ ጌይኑን የምታገኙበት ፎርሙላ ከዛው ሶስት ማዕዘን ነው የሚወጣው

```
gain = 1 / √(1 + (f/fc)²)
```

0.707ን ወደ ዲሲቤል ስትቀይሩት 3 ዲሲቤል መቀነስ ይሆናል፣ ማይነስ ስሪ ዲቢ ፖይንት የሚሉት እሱን ነው። ግማሽ የሚለው ቃል እዚህም ብቅ ይላል፣ ምክንያቱም ፓወር በቮልቴጅ ስኩዌር ስለሚሄድ 0.707 ሲባዛ በ0.707 ግማሽ ነው። ስለዚህ ከትኦፍ ማለት የፓወሩ ግማሽ እንጂ የቮልቴጁ ግማሽ አይደለም። ቮልቴጁ በእውነት ግማሽ የሚሆነው ከከትኦፉ 1.73 እጥፍ ላይ ነው፣ በኛ ፊልተር 2757 ኸርዝ አካባቢ። ፈተና ላይ «ጌይኑ 0.5 የሆነበትን ፍሪኩዌንሲ ፈልጉ» ሲባል ከትኦፉን ጽፎ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ከትኦፍ የሚለው ስሙ ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ ቁርጥ የሚያደርግ ያስመስላል። አይቆርጥም። እንበል የምትፈልጉት ሲግናል 1000 ኸርዝ ነው፣ የማትፈልጉት ኖይዝ ደግሞ 5000 ኸርዝ ላይ ነው፣ 1592 ኸርዝ በመሃል ስለሆነ ደስ ይላል። ፎርሙላው ውስጥ ስታስገቡት ግን 1000 ኸርዙ ላይ ጌይኑ 0.85 ነው፣ የምትፈልጉትም 15 ፐርሰንት ተቆረጠ ማለት ነው፣ 5000 ኸርዙ ላይ 0.30 ነው፣ ኖይዙ ሲሶ አካባቢው አሁንም አለ። ከኖይዙ አንጻር ሲግናላችሁ የተሻሻለው ከ3 እጥፍ ባነሰ ነው። ከትኦፉን ራቅ ካላችሁ በኋላ ቁልቁለቱ ፍሪኩዌንሲው 10 እጥፍ ሲጨምር ጌይኑ 10 እጥፍ መቀነስ ነው፣ 20 ዲሲቤል ፐር ዲኬድ የሚባለው፣ ከዛ በላይ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ምንም ብታደርጉ አይሰጥም። ሲግናልና ኖይዝ እንዲህ ከተቀራረቡ የሬዚስተሩንና የካፓሲተሩን ቁጥሮች መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው፣ ሌላ ዓይነት ፊልተር ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ትክክለኛው ራስ ምታት። ፊልተሩ ብሬድቦርድ ላይ ለብቻው ሲለካ ይሰራል፣ ቀጣዩ ሰርኪዩት ላይ ሲሰካ ሁሉ ነገር ይቀየራል። ምክንያቱም fc = 1/(2πRC) የሚለው አውትፑቱ ላይ ምንም ነገር አልተሰካም ብሎ ነው የሚጀምረው። ያው 1 ኪሎ ኦም ፊልተራችን ላይ 1 ኪሎ ኦም የሆነ ሎድ ከካፓሲተሩ ጎን ሰኩበት። በዲሲ ካፓሲተሩ የለም ማለት ይቻላል፣ የቀሩት ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ናቸው፣ ስለዚህ ጌይኑ ከመጀመሪያውኑ 0.5 ሆነ፣ ይሄኛው እውነተኛ ግማሽ ነው። ከካፓሲተሩ በኩል ወደ ሰርኪዩቱ ስታዩት ደግሞ ቻርጁ የሚመጣበትም የሚወጣበትም መንገድ ሁለት ሆኗል፣ ሁለቱ 1 ኪሎ ኦሞች ፓራለል ሆነው 500 ኦም ናቸው፣ ከትኦፉም በእጥፍ ወደ 3183 ኸርዝ ወጣ። ሎዱ ሁለቱንም ነው የነካው፣ ጌይኑን ቀነሰው፣ ከትኦፉን ጨመረው።

እዚህ ላይ ከትኦፉን የሚለካ ሰው የሚሳሳተው ከኢንፑቱ 0.707 የሆነበትን ቦታ ሲፈልግ ነው። የለማ! ከመጀመሪያው ከ0.5 በላይ የማያልፍ ነገር 0.707 ላይ ሊገኝ አይችልም። የሚፈለገው አውትፑቱ ራሱ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ከነበረው 0.707 የሆነበት ነው፣ በዚህ ምሳሌ 0.354። ስለዚህ ስትለኩ መጀመሪያ ከከትኦፉ በጣም ዝቅ ብላችሁ፣ ለምሳሌ 100 ኸርዝ ላይ፣ አውትፑቱ ስንት እንደሆነ ጻፉ፣ እሱን በ0.707 አባዙና እዛ ቁጥር ላይ እስኪደርስ ፍሪኩዌንሲውን ጨምሩ። ፍሪኩዌንሲውን ስትጨምሩ የጄኔሬተሩንም ቮልቴጅ እዩት፣ የሱም ይወርዳል አንዳንዴ፣ ምክንያቱም ብዙ ጄኔሬተር ውስጡ 50 ኦም አለው፣ እሱም ከናንተ 1 ኪሎ ኦም ጋር ተከታታይ ነው፣ ፊልተሩ ከጄኔሬተሩ ውስጥ ጀምሮ ሲታይ ከትኦፉ 1516 ኸርዝ ይሆናል። ሎዱ ከሬዚስተራችሁ ቢያንስ 10 እጥፍ ይብለጥ የሚባለው ለዚህ ነው፣ 10 ኪሎ ኦም ሎድ ቢሆን ጌይኑ 0.91 ከትኦፉ 1751 ኸርዝ ይሆናል፣ ለብዙ ስራ ይበቃል።

ፕሮቡም ሎድ ነው እኮ። ሬዚስተሩ 1 ሜጋ ኦም ካፓሲተሩ 100 ፒኮ ፋራድ ብታደርጉት ከትኦፉ ያው 1592 ኸርዝ ነው፣ በወረቀት ላይ ምንም ልዩነት የለውም። ግን ዋን ኤክስ ላይ ያለ ፕሮብ 1 ሜጋ ኦም ነው፣ ከኬብሉ ጋር ደግሞ 100 ፒኮ ፋራድ አካባቢ ካፓሲታንስ አለው እንበል። ስትሰኩት ሬዚስታንሱ ግማሽ፣ ካፓሲታንሱ እጥፍ፣ ብዜታቸው ያው፣ ከትኦፉ ንቅንቅ አላለም! ጌይኑ ግን ግማሽ ሆኗል። ሰውየው ከትኦፉ ልክ ነው ብሎ ተደስቶ ጌይኑን ሲያይ ሰርኪዩቱን ይጠረጥራል፣ ሰርኪዩቱ ላይ ግን ምንም የለም። ፕሮቡን ወደ ቴን ኤክስ ቀይሩት፣ ቁጥሩ ከተቀየረ ስትለኩ የነበረው ፕሮቡን ጭምር ነው።

የካፓሲተሩ ጉዳይ አጭር ነው። 104 ከሚለው ቀጥሎ K ካለ ፕላስ ማይነስ 10 ፐርሰንት ነው፣ M ካለ 20፣ Z ካለ ደግሞ እስከ 80 ፐርሰንት ሊበልጥ ይችላል፣ ያ ማለት 1592 ያላችሁት 884 ኸርዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለፊልተር Z አትግዙ።

በመጨረሻ ይሄን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ላሰራው፣ ብዙ ሰው የሚሞክረው የአርዱኢኖ ነገር ስለሆነ። አርዱኢኖ ኡኖ analogWrite ስትሉት እውነተኛ አናሎግ አያወጣም፣ ፒን 9 ላይ በ490 ኸርዝ 0 እና 5 ቮልት የሚቀያየር ስኩዌር ዌቭ ነው የሚያወጣው፣ ግማሹን ጊዜ 5 ግማሹን 0 ከሆነ አማካዩ 2.5 ነው። እኛ አማካዩን (ዲሲውን) ነው የምንፈልገው፣ 490 ኸርዙ ይጥፋልን። መቼም 1592 ኸርዝ ፊልተር ለዚህ ምንም አያደርግም፣ 490 ከከትኦፉ በታች ስለሆነ ያልፋል። 10 ኪሎ ኦምና 10 ማይክሮ ፋራድ ብናደርገው ከትኦፉ 1.6 ኸርዝ ይሆናል፣ 490 ኸርዝ ከሱ 300 እጥፍ ገደማ ይርቃል፣ የሚቀረው ሪፕል ከላይ እስከ ታች 25 ሚሊ ቮልት አካባቢ ነው። ለ5 ቮልት ጥሩ ነው፣ ከአንድ የ analogWrite እርምጃ (5 ቮልት ለ256፣ ወደ 20 ሚሊ ቮልት) ትንሽ ይበልጣል።

ዋጋው ፍጥነት ነው። RC ብዜቱ 0.1 ሰከንድ ነው፣ ቁጥሩን ስትቀይሩ አውትፑቱ አዲሱ ቦታ ላይ በግማሽ እርምጃ ልክነት ለመድረስ የዚህን 6 እጥፍ፣ 0.6 ሰከንድ ይፈጃል። ሪፕሉን ለመቀነስ ከትኦፉን የበለጠ ካወረዳችሁት የበለጠ ይዘገያል፣ ለማፍጠን ካወጣችሁት ሪፕሉ ይመጣል፣ በሬዚስተርና በካፓሲተሩ ብቻ ከዚህ መውጫ የለም። መውጫው በሌላኛው በኩል ነው፣ 490ውን ራሱን ማራቅ

```
TCCR1B = (TCCR1B & 0b11111000) | 0x01;
```

ይቺን setup ውስጥ ስትጨምሩ ፒን 9 እና 10 ወደ 31,372 ኸርዝ ይወጣሉ፣ ከበፊቱ 64 እጥፍ። አሁን ያው 10 ኪሎ ኦም ከ220 ናኖ ፋራድ ጋር ይበቃል፣ ከትኦፉ 72 ኸርዝ ነው፣ ሪፕሉ 18 ሚሊ ቮልት ገደማ፣ የመድረሻ ጊዜው ከ0.6 ሰከንድ ወደ 14 ሚሊ ሰከንድ ወረደ። ትልቁንም ኤሌክትሮላይቲክ ተገላገላችሁ።

የሎዱን ነገር ግን እዚህ አትርሱ፣ 10 ኪሎ ኦም ማለት ኤልኢዲ ወይ ሞተር ቀጥታ መሰካት አይቻልም፣ በመሃል ኦፕአምፕ በፈር አድርጉበት። ሌላው፣ ይቺ ኮድ የምትነካው ታይመር 1ን ነው፣ ሰርቮ ላይብረሪ እየተጠቀማችሁ ከሆነ እሱም ኡኖ ላይ ይሄንኑ ታይመር ስለሚፈልግ አይስማሙም። ፒን 5 እና 6 ላይም ተመሳሳይ ነገር ልሞክር እንዳትሉ፣ እነሱ ታይመር 0 ላይ ናቸው፣ delay እና millis የሚቆጥሩት በሱ ስለሆነ አንድ ሰከንድ ጠብቅ ያላችሁት ወዲያው ያልፋል።